«ሁለተኛ ክፍያ» ብላችሁ አትጻፉ

ጥያቄ

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ሀዋሳ ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት አለን። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ነን። ለአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማህበር በአራት ምዕራፍ የሚሠራ ሲስተም ይዘናል። ዋጋው ያለ ታክስ 480,000 ብር ነው። የመጀመሪያውን 96,000 ብር ያለ ችግር ወሰድን። ሁለተኛውን ምዕራፍ፣ የአባላት ምዝገባና ቁጠባን፣ ጨርሰን አሳየናቸው። ሥራ አስኪያጁ በቴሌግራም «በጣም ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ» አሉን። እኛም «ሁለተኛ ክፍያ፣ 144,000 ብር» የሚል ኢንቮይስ ላክን። ከአንድ ወር በላይ ሆነው። ሂሳብ ሹሟ «ሲስተሙ መች አለቀና ነው የምከፍለው?» ይላሉ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተቆጠበ ገንዘብ ሪፖርት ላይ አልወጣም ብለውም ቅሬታ አላቸው፤ ትንሽ ነገር ናት። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ለአባላት አጭር የስልክ መልእክት የሚልክ ነገር እንድንጨምር ጠይቀውናል። ሦስተኛውን ምዕራፍ ጀምረናል፤ እጃችን ላይ ያለው ገንዘብ ግን እያለቀ ነው። ሳናስቀይማቸው የሚያስከፍለን መልእክት እንዴት ይጻፋል?

— ከሀዋሳ

መልስ

ወንድሜ፣ መልእክቱን አብረን እንጽፈዋለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሂሳብ ሹሟ ልክ ናቸው።

እስቲ በእሳቸው ወንበር ተቀመጥ። ሲስተሙን ስታሳዩ እሳቸው ምናልባት ክፍሉ ውስጥ አልነበሩም። የቴሌግራሙን መልእክት አላዩትም። ጠረጴዛቸው ላይ የደረሰው «ሁለተኛ ክፍያ» የሚል አንድ ወረቀት ነው። የምን ሁለተኛ? ማን ተረከበው? በየትኛው የውል አንቀጽ? ወረቀቱ አንዱንም አይመልስም። እሳቸው ደግሞ የክፍያ ማዘዣ ሲያዘጋጁ ከጀርባው ሰነድ ማያያዝ አለባቸው። ቼኩ ላይ የሚፈርሙት ሰዎች ያንን ሰነድ ያያሉ። ዓመቱ ሲዘጋ ኦዲተር ያየዋል። የማህበሩ ቁጥጥር ኮሚቴም ሊጠይቅ ይችላል። የአባላት ገንዘብ ስለሆነ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ያኔ መልስ የሚሰጡት እሳቸው እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

ስለዚህ የክፍያ ጥያቄያችሁን ሥራውን አይቶት ለማያውቅ ሰው ጻፉት። ሥራ አስኪያጁ ያውቁታል። የሚከፍለው እጅ ግን ሥራውን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ፋይሉን ነው። ፋይሉ ውስጥ የተፈረመ ማጽደቂያ ከሌለ፣ የቱንም ያህል ጨዋ መልእክት ብትጽፉ ክፍያው አይንቀሳቀስም።

«በጣም ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ» ደግሞ ማጽደቂያ አይደለም። ምኑ ጥሩ እንደሆነ አይልም። «ቀጥሉ» የሚለውም «ተረክበናል» ማለት አይደለም፤ እንዲያውም «ገና አላለቀም» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ሂሳብ ሹሟ እንደዚያ ያነበቡት ይመስለኛል።

እኔም በዚህ ተጎድቻለሁ። ከዓመታት በፊት አዳማ ውስጥ ለአንድ የግል ድርጅት የመጋዘን መቆጣጠሪያ ሠርተን ነበር። የድርጅቱ ኃላፊ ሥራውን አይቶ ወዶታል፤ በስልኩም ጽፎልን ነበር። ክፍያው ሳይወጣ ሰውየው ሥራ ቀየረ። ምስጋናውም ስምምነቱም በእሱ የግል ስልክ ላይ ቀረ፤ ድርጅቱ ፋይል ውስጥ አንድ ቅጠል ወረቀት አልነበረም። አዲሱ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም። «የተረከበው ማን ነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። መልስ አልነበረንም። ሥራውን እንደ አዲስ አሳየን፣ እንደ አዲስ አስፈተሽን። ገንዘቡ እጃችን እስኪገባ አራት ወር ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ሳይፈረም ኢንቮይስ ልኬ አላውቅም።

አሁን ወደ ጳጉሜኗ እንምጣ። «ትንሽ ነገር ናት» ብለሃል። ይቅርታ አድርግልኝና ትንሽ አይደለችም። የቁጠባ ማህበር ሲስተም ላይ በአንድ ቀን የገባ ገንዘብ ከሪፖርት መጥፋት ከባድ ስህተት ነው። 2015 ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት ነበር። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ ዋለ፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ በማግስቱ ሴፕቴምበር 12 ሆነ። ኮዳችሁ ውስጥ የሆነ ቦታ ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን ተደርጋ ተይዛ ይሆናል። ወይም ሪፖርቱ ወሩን የሚዘጋው አምስተኛው ቀን ላይ ነው። ዝም ብላችሁ ብታልፏት በ2019 መጨረሻ እንደገና ትመጣለች። ያኔ የምትነካው የቆየ መዝገብ አይደለም፤ ሰው በዚያው ቀን መስኮት ላይ የሚያስገባውን ገንዘብ ነው።

አርሟትና በሂሳብ ሹሟ ፊት ፈትሿት። ጳጉሜን 5 ቀን 2015፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 እና መስከረም 1 ቀን 2016 ላይ አንድ አንድ የሙከራ ቁጠባ አስገቡ። መጠናቸው ይለያይ፤ ለምሳሌ 100፣ 200 እና 300 ብር። የጳጉሜን ሪፖርት 300 ብር ማሳየት አለበት፤ የመስከረምም እንዲሁ 300። ከዚያ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ብላችሁ ለማስገባት ሞክሩ። ያ ቀን ስለሌለ ሲስተሙ እምቢ ማለት አለበት። ይህን የምታደርጉት በሙከራው ሲስተም ላይ እንጂ በእውነተኛው መዝገብ ላይ አይደለም። ስህተቱን ያገኙት ሂሳብ ሹሟ ናቸው፤ መታረሙንም እሳቸው ይዩ። አስተውለው ባይነግሯችሁ ኖሮ ስህተቱ ሦስተኛው ምዕራፍ የብድር ወለድ ውስጥ ይገባባችሁ ነበር። በልባችሁ አመስግኗቸው።

ቀጥሎ ማጽደቂያው ይመጣል። ማጽደቂያውንና የክፍያ ጥያቄውን በአንድ ቀን፣ በአንድ መልእክት አትላኩ። ብዙዎች «ይኸው የርክክብ ቅጹ፣ ይኸው ኢንቮይሱ» ብለው አብረው ይልካሉ። ያን ጊዜ ቅጹ ላይ መፈረም ገንዘብ ማውጣት ይመስላል። ሰው ደግሞ ገንዘብ ሊያወጣ ሲል እንከን ይፈልጋል። ቅጹ ብቻውን ሲቀርብ ጥያቄው «ይህ ሥራ ውሉ ላይ ያለው ነው ወይስ አይደለም?» ብቻ ይሆናል። ለዚህ መልስ መስጠት ቀላል ነው።

የርክክብ ቅጹ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ውላችሁን አውጣ። የሁለተኛው ምዕራፍ ሥራዎች በውሉ አባሪ ላይ እንዴት እንደተጻፉ ቃል በቃል ቅዳ። በራስህ አማርኛ አታሳምረው። ውሉ «የአባላት መመዝገቢያ» ካለ ቅጹም «የአባላት መመዝገቢያ» ይበል። አንተ «የደንበኛ አስተዳደር ሞጁል» ብለህ ብትጽፈው ሂሳብ ሹሟ ሁለቱን ማገናኘት አይጠበቅባቸውም። በየሥራው አንጻር የሲስተሙን ስሪት ቁጥርና ያስረከባችሁበትን ቀን ጻፍ። ቀጥሎ ሦስት ምርጫ አስቀምጥ፤ «ተረክበናል»፣ «ተረክበናል፣ ግን የሚታረም አለ»፣ «አልተረከብንም»። ከታች የሥራ አስኪያጁና የሂሳብ ሹሟ ስምና ፊርማ፣ ቀን፣ ማህተም ይግባ።

መካከለኛው ምርጫ ብዙ ጊዜ ሥራ ያድናል። እሱ ከሌለ አንድ የፊደል ግድፈት ያየ ሰው ሙሉውን ምዕራፍ «አልተረከብንም» ሊል ይችላል። ግን ድንበሩን በሐቀኝነት ያዙት። የደረሰኝ ህትመት ጠርዝ መጠጋቱ፣ የአንድ ቁልፍ ስም መቀየሩ፣ እነዚህ «የሚታረም» ውስጥ ይግቡ፤ እያንዳንዱም የሚታረምበት ቀን ይኑረው። ገንዘብን የሚያሳስት ነገር ግን እዚያ አይገባም። የጳጉሜኗን ጉዳይ ቀድማችሁ አርሙ ያልኳችሁም ለዚህ ነው።

ቅጹን በቴሌግራም ልካችሁ ፊርማ አትጠብቁ። ቀጠሮ ያዙና ሂዱ። ግማሽ ቀን ይበቃል። ሥራዎቹን አንድ በአንድ በሲስተሙ ላይ አሳዩ፤ ቁልፉን የሚነኩት እነሱ ይሁኑ። ማህበሩ እንዲህ ያለ ነገር በቦርድ የሚያጸድቅ ከሆነ ቃለ ጉባኤ መያዙን ጠይቁና ኮፒውን ውሰዱ። ሂሳብ ክፍል ለቃለ ጉባኤ ትልቅ ክብር አለው።

እዚያው ስብሰባ ላይ የአጭር መልእክቱ ነገር መነሳቱ አይቀርም። እምቢ አትበሉ። «ደስ ይለናል፤ ውሉ ላይ ስለሌለ ዋጋውንና ጊዜውን ለብቻ ጽፈን እናመጣለን» በሉ። ከዚያም በእርግጥ ጽፋችሁ አምጡ። አጭር መልእክት በየወሩ ለቴሌኮም የሚከፈል ወጪ አለው፤ እሱን ማን እንደሚሸፍን ካሁኑ መታወቅ አለበት። በምንም መልኩ ግን የርክክብ ቅጹ ላይ አይግባ። አንዴ ከገባ ሁለተኛው ምዕራፍ ያለ እሱ ያልተጠናቀቀ ሆኖ ይቀራል፤ 144,000 ብራችሁም አብሮ ይታሰራል።

ሁለተኛው ምዕራፍ ለምሳሌ አራት ሥራዎች ኖረውት ሦስቱ ጸድቀው አንዱ ቢቀርስ? ውሉ ለእያንዳንዱ ሥራ ዋጋ ካላስቀመጠ በራሳችሁ ሂሳብ ቀንሳችሁ «የሦስቱን» አትጠይቁ። ሂሳብ ሹሟ የሚከፍሉበት መሠረት የላቸውም። ወይ አራተኛውን ጨርሱ፣ ወይ ክፍያው እንዲከፋፈልላችሁ በደብዳቤ ተስማሙ፤ ስምምነቱም ይፈረም።

ቅጹ ከተፈረመ በኋላ የክፍያ ጥያቄው ይጻፋል። ይህን ይመስላል። ቁጥሮቹንና ቀኖቹን ለምሳሌ ነው ያስገባኋቸው፤ በራሳችሁ ውል ተኳቸው።

> ቁጥር፦ 014/2018
> ቀን፦ የካቲት 9 ቀን 2018
>
> ለ … የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማህበር
> ሀዋሳ
>
> ጉዳዩ፦ የጸደቀውን የ2ኛ ምዕራፍ ሥራ ክፍያ ስለመጠየቅ
>
> ጥቅምት 4 ቀን 2018 በተፈራረምነው ውል አንቀጽ 6 መሠረት የ2ኛው ምዕራፍ ክፍያ የሚፈጸመው የምዕራፉ ሥራዎች ተጠናቀው ርክክብ ሲደረግ ነው። በውሉ አባሪ 1 ከተራ ቁጥር 2.1 እስከ 2.4 የተዘረዘሩት ሥራዎች፣ ማለትም የአባላት መመዝገቢያ፣ የቁጠባ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ፣ ወርኃዊ የቁጠባ ሪፖርት እና የተጠቃሚ መመሪያ (ስሪት 2.1)፣ የካቲት 5 ቀን 2018 በተፈረመው የርክክብ ቅጽ ጸድቀዋል።
>
> በዚሁ መሠረት የ2ኛው ምዕራፍ ክፍያ፣ ማለትም የውሉ ዋጋ 30 በመቶ የሆነው 144,000 ብር፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ 21,600 ብር፣ በድምሩ 165,600 (አንድ መቶ ስልሳ አምስት ሺህ ስድስት መቶ) ብር እስከ መጋቢት 1 ቀን 2018 ድረስ እንዲከፈለን እንጠይቃለን።
>
> እስካሁን የተከፈለው 96,000 ብር ነው። ይህ ክፍያ ሲፈጸም ለ3ኛና ለ4ኛ ምዕራፍ የሚቀረው 240,000 ብር ይሆናል። እነዚህ ሁለት መጠኖች ታክስን አይጨምሩም።
>
> ይህ ጥያቄ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 የላክነውን የ144,000 ብር ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ይተካል።
>
> የባንክ ሂሳብ ስምና ቁጥር፦ …
> የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፦ …
>
> ከሰላምታ ጋር
> (ስም፣ ፊርማ፣ ማህተም)
>
> አባሪ፦ የተፈረመ የርክክብ ቅጽ 1 ገጽ፣ የውሉ አንቀጽ 6 እና አባሪ 1 ኮፒ
> ግልባጭ፦ ለሂሳብ ክፍል

ጉዳዩ ላይ «የጸደቀውን» የሚለው ቃል ያለ ምክንያት አልገባም። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ሲደርስ የሚነበበው ያ መስመር ነው። «ሁለተኛ ክፍያ» የሚለው ስለ እናንተ ፍላጎት ነው የሚናገረው። «የጸደቀው የ2ኛ ምዕራፍ ሥራ» የሚለው ግን እነሱ የፈረሙትን ያስታውሳል። «ሲስተሙ መች አለቀና?» ለሚለውም መልሱ እዚያው አለ፤ የተጠየቀው የሲስተሙ ሳይሆን የምዕራፉ ክፍያ ነው።

«እስካሁን የተከፈለው» እና «የሚቀረው» የሚሉት ሁለት መስመሮች ደግሞ ፍርሃት ያስወግዳሉ። ሂሳብ ሹሟ ሥራው ሳያልቅ ገንዘቡ አልቆ እንዳይገኝ ይሰጋሉ። 240,000 ብር ገና እጃቸው ላይ እንዳለ ሲያዩ ይህን ለመልቀቅ ይቀልላቸዋል። ከሁሉም ይልቅ ግን «ይተካል» የሚለውን አረፍተ ነገር አትርሱ። እሱ ከሌለ ፋይሉ ውስጥ አንድ የ144,000 እና አንድ የ165,600 ብር ጥያቄ ይኖራል። ጠንቃቃ ሂሳብ ሠራተኛ ሁለቱን ሲያይ የትኛው እንደሆነ እስኪጣራ ሁለቱንም ያስቀምጣቸዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ላይ ታክሱን አለመጻፋችሁንም ልብ በል። ዋጋችሁ ያለ ታክስ ስለሆነ 21,600 ብሩ ከላይ ይጨመራል። 144,000 ተከፍሏችሁ ቢሆን ኖሮ ወይ ታክሱን ከኪሳችሁ ታወጡ ነበር፣ ወይ በኋላ ሌላ ጥያቄ ይዛችሁ ትሄዱ ነበር። ማህበሩ ቅድመ ግብር የሚቆርጥ ከሆነ የሚቆርጠው ከ144,000 ላይ ነው እንጂ ከ165,600 ላይ አይደለም። የቆረጡበትን ደረሰኝ ተቀበሉና በደንብ አስቀምጡ፤ ዓመታዊ ግብራችሁ ላይ ይታሰብላችኋል። ይህ ደብዳቤ ደግሞ የታክስ ደረሰኝ አይደለም። ደረሰኝ ከቆረጣችሁ ገንዘቡ ገባም አልገባ ታክሱ በዚያ ወር መግለጫ ውስጥ ይገባል። መቼ እንደሚቆረጥ ከሂሳብ ባለሙያችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ከሂሳብ ክፍሉ ጋር ቀኑን አስማሙ።

የመክፈያውን ቀን በቀን ጻፉት እንጂ «በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ» ብላችሁ አትተዉት። በምሳሌው ውሉ ለመክፈያ 15 የሥራ ቀን ይሰጣል ብለን እናስብ። ከየካቲት 9 ማግስት ጀምረህ ቅዳሜና እሁድን ዝለል። የካቲት 23 የዓድዋ በዓል ነው፤ እሱንም ዝለል። መጋቢት 1 ላይ ትደርሳለህ። ቆጠራውን ለእነሱ ከተውክ አንዱ መጋቢት መጀመሪያ ይላል፣ ሌላው ቅዳሜን ቆጥሮ ሌላ ቀን ያመጣል።

ደብዳቤውን በእጅ ወስዳችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ። ቀሪው ኮፒያችሁ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱ። ከዚያ በኋላ ለሥራ አስኪያጁ ቴሌግራም ላኩ። ቴሌግራሙ ለደብዳቤው መሸኛ ብቻ ይሁን፤ ይህን ያህል ይበቃል።

> ጤና ይስጥልኝ አቶ …። የካቲት 5 ባጸደቃችሁት የ2ኛ ምዕራፍ ርክክብ መሠረት የክፍያ ጥያቄያችንን ዛሬ ለመዝገብ ቤት አስገብተናል። የገቢ ቁጥሩ … ነው። ጠቅላላው ከታክስ ጋር 165,600 ብር ሲሆን የመክፈያው ቀን መጋቢት 1 ነው። ለሂሳብ ክፍል የጎደለ ሰነድ ካለ ቢነግሩን በማግስቱ እናመጣለን። የአጭር መልእክቱን ዋጋ ለብቻ እየጻፍን ነው።

እዚህ ላይ ችግራችሁን አትጻፉ። ለሠራተኛ የምትከፍሉት ማለቁ እውነት ነው፤ እኔም ይገባኛል። ግን «ተቸግረናል» ስትሉ ክፍያው ውለታ ይመስላል። የምትጠይቁት ውለታ አይደለም። «እባክዎ ቢቻል» የሚለውንም ተዉት፤ «እንጠይቃለን» ጨዋ ቃል ነው፣ ማንንም አያስቀይምም።

ቀኑ ሳይደርስ አንድ ጊዜ ደውሉ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ አካባቢ፣ ለሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ለሂሳብ ሹሟ። «ክፍያው የት ደረሰ?» አትበሏቸው። «ከእኛ የጎደለ ሰነድ አለ?» በሏቸው። ለመጀመሪያው ጥያቄ «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ነው የሚመጣው። ለሁለተኛው ግን «የውሉ ኮፒ ላይ ማህተሙ አይታይም» ወይም «ፈራሚው ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደዋል» የሚል ልትጨብጡት የምትችሉት መልስ ታገኛላችሁ።

መጋቢት 1 አልፎ ካልተከፈለ በዚያው የገቢ ቁጥር ጠቅሳችሁ ሁለተኛ ደብዳቤ አስገቡ። አዲስ ክርክር አታንሱ፤ ሁለት አረፍተ ነገር በቂ ነው። ሦስተኛውን ምዕራፍ ማቆም ስትፈልጉ ግን መጀመሪያ ውሉን አንብቡ። ክፍያ ሲዘገይ ሥራ ማቆም ትችላላችሁ የሚል አንቀጽ ካለ በዚያ መሠረት በጽሑፍ አሳውቁ። አንቀጹ ከሌለ ዝም ብላችሁ ብታቆሙ ውል ያፈረሳችሁት እናንተ ሆናችሁ ልትገኙ ትችላላችሁ። እስከዚያው የብድሩን ክፍል መሥራት ቀጥሉ፤ ሁለተኛው እስኪከፈል ግን ሦስተኛውን በእነሱ ሰርቨር ላይ አትጫኑ። በራሳችሁ የሙከራ ሰርቨር ላይ አሳዩአቸው።

ለሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ የርክክብ ቅጹን ካሁኑ አዘጋጁ። የብድር ማመልከቻ፣ የወለድ ስሌት፣ የመክፈያ ሰንጠረዥ፣ እያንዳንዱ በምን ምሳሌ እንደሚፈተሽ ከሂሳብ ሹሟ ጋር ተቀመጡና ጻፉ። ለምሳሌ የ50,000 ብር ብድር በ12 ወር ሲመለስ እሳቸው በእጃቸው የሚያወጡት ሂሳብ ስንት ነው? ያ ቁጥር ቅጹ ላይ ይግባ። ሲስተሙ ያንኑ ቁጥር ሲያወጣ ማጽደቁ አያከራክርም። የውል ማሻሻያ ስትፈርሙም አንድ መስመር ለመጨመር ጠይቁ፤ ርክክብ በተጠየቀ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ አስተያየት ካልተሰጠ ሥራው እንደጸደቀ ይቆጠራል የሚል። ለአሁኑ ምዕራፍ ወደኋላ አይሠራላችሁም። ለሚቀጥለው ግን የተፈረመ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ እንዳያድር ይረዳል።

መጀመሪያ ግን የጳጉሜኗን ስህተት አርሙና ለሂሳብ ሹሟ ደውሉ።